በሁለቱም ቡድን አሸንፎ በድምሩ የተሸነፈው ሕክምና፦ የ700 የኩላሊት ጠጠር ታማሚዎች ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1986 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ቻሪግ፣ ዌብ፣ ፔይን እና ዊክሃም የተባሉት አጥኚዎች ያነሱት ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ የኩላሊት ጠጠርን ለማስወገድ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች የትኛው ይበልጥ ይሳካል? የትኛውስ በአነስተኛ ወጪ ይሠራል? ለዚህም የ1,052 ታማሚዎችን ውጤት አነጻጸሩ። እኔ እዚህ የማተኩረው ከመካከላቸው በ700ዎቹ ላይ ነው። 350ዎቹ የታከሙት በክፍት ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ሌሎቹ 350 ደግሞ ፐርኩቴኒየስ ኔፍሮሊቶቶሚ በሚባለው ዘዴ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ሕክምናዎች በአሠራራቸው በጣም ይለያያሉ። በክፍት ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የታማሚውን ጎን በረጅሙ ቀድዶ ኩላሊቱን ያገኛል፤ ከዚያም ኩላሊቱን ራሱን ከፍቶ ጠጠሩን በእጁና በመሣሪያው ያወጣል። በሁለተኛው ዘዴ ግን በራጅ እየታየ ከጀርባ ወደ ኩላሊት መርፌ ይገባል፤ የመርፌው መንገድ ቀስ በቀስ ይሰፋና በዚያች ጠባብ ቀዳዳ መመልከቻ ይላካል፤ ጠጠሩም ባለበት ይሰበርና ተለቅሞ ይወጣል። ስሙ ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ «የቀዳዳ ዘዴ» እለዋለሁ። ዘዴው በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር፤ ስዊድን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው በ1976 ነው።

አጥኚዎቹ «ተሳካ» የሚሉበትን መለኪያ አስቀድመው ወስነዋል። ከሦስት ወር በኋላ ጠጠሩ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም የቀረው ስብርባሪ ከ2 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሕክምናው ተሳክቷል ይባላል። በዚህ መለኪያ ክፍት ቀዶ ሕክምና ከ350 ታማሚዎች በ273ቱ ተሳካ፤ ይህም 78 በመቶ ነው። የቀዳዳ ዘዴ ደግሞ በ289ኙ ተሳካ፤ 83 በመቶ ማለት ነው። ወጪውም ያንኑ ይደግፋል። በብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ወጪ ለክፍት ቀዶ ሕክምና 3,500 ፓውንድ፣ ለቀዳዳ ዘዴ 1,861 ፓውንድ ገደማ እንደሆነ ተገመተ። አዲሱ ዘዴ ይበልጥ ይሳካል፤ ወጪው ግማሽ ያህል ነው፤ የታማሚውም ሥቃይ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የሚከራከር ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ጠጠሮቹን በመጠን ከፍለን ስናያቸው ግን ነገሩ ይገለበጣል።

| የጠጠሩ መጠን | ክፍት ቀዶ ሕክምና | የቀዳዳ ዘዴ |
|---|---|---|
| ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች | 81 ከ87 (93%) | 234 ከ270 (87%) |
| 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ | 192 ከ263 (73%) | 55 ከ80 (69%) |
| ድምር | 273 ከ350 (78%) | 289 ከ350 (83%) |

በትንንሽ ጠጠሮች ክፍት ቀዶ ሕክምና በልጧል፤ 93 ለ87። በትልልቆቹም በልጧል፤ 73 ለ69። ከሁለቱ ውጭ ሌላ ቡድን የለም፤ ሁሉም ታማሚ አንዱ ውስጥ ነው። ሁለቱን ቡድኖች ስንደምር ግን የቀዳዳ ዘዴ 83 ለ78 ይመራል።

ይህን ሠንጠረዥ በጤና መረጃ ሥልጠናዎች ላይ ደጋግሜ አቅርቤዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ አንዱ ቁጥር በስህተት የተጻፈ መስሏት እስክሪብቶ አነሣችና ደመረችው። 81 እና 192፣ 273። 234 እና 55፣ 289። ከዚያ የታካሚዎቹን ቁጥር ደመረች። 87 እና 263፣ 350። 270 እና 80፣ 350። «ጋሼ፣ ድምሩስ ልክ ነው» አለችኝ፤ ትንሽ ዝም ብላም ጣቷን 263 ላይ አሳረፈችና «እነዚህ ለምንድን ነው ሁሉም እዚህ የተሰበሰቡት?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ቀደም ብዙ ሰው መቶኛዎቹን እያየ ሲከራከር ሰምቻለሁ። እሷ ያየችው መቶኛው የተሠራበትን የሰው ቁጥር ነው። የጉዳዩ ቁልፍ ያለውም እዚያ ነው።

እሷ የጠቆመችበትን ቦታ በደንብ እንየው። በክፍት ቀዶ ሕክምና ከታከሙት 350 ሰዎች መካከል 263ቱ፣ ማለትም 75 በመቶው፣ ትልቅ ጠጠር የነበራቸው ናቸው። በቀዳዳ ዘዴ ከታከሙት ውስጥ ግን ትልቅ ጠጠር የነበራቸው 80 ብቻ ናቸው፤ 23 በመቶ። ትልቅ ጠጠር ደግሞ በየትኛውም ዘዴ ቢሆን ለማጽዳት ይከብዳል። ውፍረቱ ሦስት እጥፍ የሆነ ድቡልቡል ጠጠር ይዘቱ 27 እጥፍ ነው፤ ያን ያህል ስብርባሪ ይወጣዋል ማለት ነው። አንዳንዱ ትልቅ ጠጠር እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ የኩላሊቱን ጓዳዎች ይሞላል፤ ከአንዱ ጓዳ ትንሽ ቅሪት ካመለጠች ሕክምናው አልተሳካም ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ 78 እና 83 የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ሁለት ዘዴዎችን ብቻ አይደለም የሚያነጻጽሩት። በአንድ ወገን በአብዛኛው ከባድ ሥራ፣ በሌላው ወገን በአብዛኛው ቀላል ሥራ አለ።

በስሌት ሲታይ፣ ጠቅላላው መቶኛ የሁለቱ ቡድኖች መቶኛ ተራ አማካይ አይደለም። እያንዳንዱ ቡድን በያዘው ሰው ልክ ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ለክፍት ቀዶ ሕክምና እንዲህ ነው፦

```
0.249 × 93.1 + 0.751 × 73.0 = 78.0
```

ለቀዳዳ ዘዴ ደግሞ፦

```
0.771 × 86.7 + 0.229 × 68.8 = 82.6
```

በመጀመሪያው መስመር 73 የሚለው ቁጥር ሦስት አራተኛውን ክብደት ይዞ ድምሩን ወደ ታች ይስበዋል። በሁለተኛው መስመር 87 የሚለው ቁጥር ከሦስት አራተኛ በላይ ክብደት ይዞ ድምሩን ወደ ላይ ያነሣዋል። ቀመሩ ያው ነው፤ የተለየው ክብደቱ ነው።

እዚህ ላይ እንዲህ ያለው መገልበጥ ሊደርስ የሚችልበትን ሁኔታ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የአንድ ዘዴ ጠቅላላ መቶኛ ምንጊዜም በራሱ ቡድኖች መቶኛ መካከል ይወድቃል። የክፍት ቀዶ ሕክምናው ከ73 በታች ሊወርድ ወይም ከ93 በላይ ሊወጣ አይችልም፤ የቀዳዳ ዘዴው በ69 እና በ87 መካከል ይቆያል። ሁለቱ ክልሎች ከ73 እስከ 87 ባለው ስፋት ይደራረባሉ፤ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ የቻለው በዚህ መደራረብ ምክንያት ነው። የክፍት ቀዶ ሕክምናው ዝቅተኛ ውጤት ከቀዳዳ ዘዴው ከፍተኛ ውጤት ቢበልጥ ኖሮ ታማሚዎቹን እንደፈለግን ብናከፋፍላቸው እንኳ ድምሩ አይገለበጥም ነበር። ሁለተኛው ምልክት የስርጭቱ ልዩነት ነው። በሁለቱም ዘዴዎች ውስጥ የትልቅ ጠጠር ድርሻ እኩል ቢሆን በየቡድኑ የበለጠው በድምሩም መብለጡ አይቀርም።

ልዩነቱ ምን ያህል ሲሆን ነው ታዲያ የሚገለበጠው? የቀዳዳ ዘዴውን ባለበት ትተን በክፍት ቀዶ ሕክምናው ወገን የትልቅ ጠጠሮችን ቁጥር ብቻ ከዝቅተኛ ጀምረን እየጨመርን እንሂድ። የየቡድኑ የስኬት መጠን አይለወጥም እንበል። ከ350ው ታማሚዎች 80ዎቹ ብቻ ትልቅ ጠጠር ቢኖራቸው ክፍት ቀዶ ሕክምና 310 ያህል ስኬት ኖሮት በሰፊው ይመራል። ትልልቆቹ 183 ሲደርሱ ስኬቱ ወደ 289 ይወርድና ሁለቱ ዘዴዎች ይተካከላሉ። ከዚያ ካለፈ ክፍቱ ቀዶ ሕክምና በድምር እየተሸነፈ ይሄዳል። በእውኑ የነበረው ቁጥር 263 ነው፤ ድንበሩን በሰማንያ ሰው አልፎታል። በዚህ ሁሉ የአንድም ቀዶ ሐኪም ችሎታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሩን አልፎ የገባው ታማሚ ዓይነት ብቻ ነው።

ማነጻጸሩን ሚዛናዊ ለማድረግ የሚሠራበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ። ለሁለቱም ዘዴዎች አንድ ዓይነት የታማሚ ስብጥር መስጠት ነው። ሰባት መቶውን በሙሉ ብንወስድ 357ቱ ትንሽ፣ 343ቱ ትልቅ ጠጠር ያላቸው ናቸው፤ 51 በመቶ ለ49 በመቶ። ሁለቱም ዘዴዎች ይህንኑ ስብጥር ቢያክሙስ ብለን እናስላ።

```
ክፍት:   0.51 × 93.1 + 0.49 × 73.0  = 83.3
ቀዳዳ:   0.51 × 86.7 + 0.49 × 68.75 = 77.9
```

ውጤቱን ሳየው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። 78 እና 83 የሚሉት ቁጥሮች ቦታ ተለዋወጡ ማለት ይቻላል። ክፍቱ ቀዶ ሕክምና 83 ሆነ፣ የቀዳዳ ዘዴው 78። ይህ የዚህ ጉዳይ ቁጥሮች ድንገተኛ መገጣጠም ነው፤ በሌላ ሠንጠረዥ ላይ እንዲህ በትክክል መለዋወጥ አይጠበቅም። ሆኖም የስብጥሩን ጉልበት ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ክስተቱ የሲምፕሰን ተቃርኖ ይባላል። ኤድዋርድ ሲምፕሰን በ1951 ስለጻፈበት ነው ስሙ የተሰጠው፤ ይሁን እንጂ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ዩል በ1903፣ ፒርሰን ደግሞ በ1899 ነገሩን አስቀድመው አይተውታል። በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በ1972 ነው። የኩላሊት ጠጠሩን ጥናት የዚህ ተቃርኖ ምሳሌ አድርገው ያቀረቡት ጁሊየስ እና ሙሊ ናቸው፤ በዚያው ጆርናል በ1994።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሁልጊዜ ከድምሩ ይልቅ በቡድን የተከፈለውን ማመን ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገርበት።

ያንኑ ሠንጠረዥ እንውሰድና አንድም ቁጥር ሳንነካ የረድፎቹን ስም ብቻ እንቀይር። ይህ ለማስረዳት የፈጠርኩት ነው፤ በጥናቱ ውስጥ የለም። «ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች» የሚለውን «በሕክምናው ወቅት ደም መውሰድ ያላስፈለጋቸው» እንበለው፤ ሁለተኛውን ረድፍ ደግሞ «ደም መውሰድ ያስፈለጋቸው»። ታማሚዎቹም ወደ ሁለቱ ዘዴዎች የተመደቡት በዕጣ ነው እንበል። አሁን ሠንጠረዡ የሚለው ይህን ነው፦ በክፍት ቀዶ ሕክምና ከ350ው 263ቱ ደም አስፈልጓቸዋል፤ በቀዳዳ ዘዴ 80ዎቹ ብቻ። ደም ባላስፈለጋቸው መካከል ክፍቱ 93 ለ87 ይመራል፤ ባስፈለጋቸውም 73 ለ69 ይመራል። ቁጥሮቹ ያልተነኩ ናቸው፤ ፍርዱ ግን ፈጽሞ ይለያል። ክፍቱ ዘዴ ራሱ ብዙ ሰው እንዲደማ አድርጓል፤ መድማቱም ውጤቱን አበላሽቷል። ይህ የዘዴው ጉዳት ነው። «ከደሙት መካከል ብቻ እናነጻጽር» ስንል ክፍቱ ዘዴ ያደረሰውን ጉዳት ከሂሳቡ ውስጥ እናወጣለታለን። እዚህ ላይ ሊታመን የሚገባው ድምሩ ነው፤ 83 ለ78፣ የቀዳዳ ዘዴ ይሻላል።

ልዩነቱ ያለው በጊዜ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የጠጠሩ መጠን ታማሚው ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት የነበረ ነገር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ምንም ቢያደርግ ያንን መጠን ሊለውጠው አይችልም፤ መጠኑ ግን የሚመረጠውን ዘዴም ውጤቱንም ሊወስን ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ሳንለይ ከደመርን የጠጠሩን ክብደት በዘዴው ላይ እንጭንበታለን። መድማት ግን ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ የሚመጣና ራሱ የሕክምናው ውጤት የሆነ ነገር ነው፤ እሱን ስንለይ የዘዴውን ሥራ ከዘዴው እንነጥቃለን። ሠንጠረዡ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ አይናገርም። ስድስቱ ሣጥኖች በሁለቱም ታሪኮች አንድ ናቸው፤ ምንም ዓይነት ስሌት ሁለቱን አይለያቸውም። የሚለያቸው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ጠጠሩ መቼ እንደተለካ፣ ዘዴውን ማን በምን ምክንያት እንደመረጠ የሚያውቅ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መቶኛው አይደለም። «ይህ ረድፍ የተከፈለበት ነገር የታወቀው ከውሳኔው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እላለሁ። መልሱ ካልተገኘ ከሁለቱ መቶኛዎች አንዱን መምረጥ ግምት ነው።

በዚህ ጉዳይ መልሱ አለን፤ መጠኑ በፊት የነበረ ነው። ስለዚህ 83.3 ለ77.9 የሚለው የተስተካከለው ቁጥር ከድምሩ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። ታዲያ ክፍት ቀዶ ሕክምና ይሻላል ብለን መዝጋት እንችላለን? አንችልም፤ ይህንንም ጉዳዩን የሚያስተምሩ ብዙዎች ሲዘሉት አያለሁ።

አንደኛው ምክንያት የቁጥሩ ማነስ ነው። 93 ለ87 የሚለው ልዩነት ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን በክፍት ቀዶ ሕክምና የታከሙት ባለ ትንሽ ጠጠሮች 87 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከነዚህ ያልተሳካላቸው ስድስት ናቸው። ሌሎች አምስት ሰዎች ባይሳካላቸው ኖሮ 93ቱ ወደ 87 ይወርድና ልዩነቱ ይጠፋ ነበር። በትልልቆቹ በኩል ደግሞ በቀዳዳ ዘዴ የታከሙት 80 ብቻ ናቸው፤ 55 የነበረው ስኬት 59 ቢሆን 74 በመቶ ይደርስና ክፍቱን ያልፈዋል። የሁለቱን ቡድኖች ልዩነት በተስተካከለው ስብጥር አንድ ላይ ስንወስደው ክፍቱ በ5.4 ነጥብ ይመራል፤ እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለውን ስፋት፣ ማለትም የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉን፣ ሳሰላው ግን ከ1.2 ነጥብ ሽንፈት እስከ 12 ነጥብ ብልጫ ይዘረጋል። ዜሮ ውስጡ አለ፤ ምንም ልዩነት ላይኖርም ይችላል ማለት ነው። ድምሩ የሚያሳየው የቀዳዳ ዘዴው የ4.6 ነጥብ ብልጫም ቢሆን እንደዚሁ ዜሮን የሚያካትት ክልል ነው ያለው። የተገለበጠው የጠቋሚው አቅጣጫ ነው እንጂ በሁለቱም ወገን ጽኑ የሆነ ማስረጃ አልነበረም። ይህን ሳይናገሩ «ክፍቱ በእርግጥ ይሻላል» ብሎ ማስተማር ተማሪውን ከአንድ ስህተት አውጥቶ ሌላ ስህተት ውስጥ መክተት ነው፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የመክፈያው ሻካራነት ነው። «2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ» የሚለው ረድፍ 2.1 ሴንቲ ሜትር የሆነውንም፣ ኩላሊቱን የሞላውን ባለ ቅርንጫፍ ጠጠርም በአንድ ሣጥን ያስቀምጣቸዋል። በሣጥኑ ውስጥ በክፍት የታከሙት ይበልጥ ግዙፍ የሆኑት ከነበሩ፣ የክፍቱ ትክክለኛ ብልጫ ከሚታየው ይበልጣል ማለት ነው። በመጠን ስለከፈልን መጠን ከጨዋታ ወጥቷል ማለት አይደለም፤ ከፊሉ ብቻ ነው የወጣው።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ዓመቱ ነው። ይህን ጉዳይ ሲተርኩት ብዙዎች «ሐኪሞቹ ከባዱን ታማሚ ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና፣ ቀላሉን ወደ ቀዳዳ ዘዴ ላኩት» ይላሉ፤ ሁለቱም በሮች በአንድ ጊዜ ክፍት የነበሩ ይመስል። እንደዚያ አልነበረም። ክፍት ቀዶ ሕክምናዎቹ የተሠሩት ከ1972 እስከ 1980 ነው፤ የቀዳዳ ዘዴዎቹ ደግሞ ከ1980 እስከ 1985። ጥናቱ የቆየ መዝገብን ከአዲስ መዝገብ ጋር ያነጻጸረ ነው። ስለዚህ የመጠኑ ስርጭት ለምን ተለያየ የሚለውን በሌላ መንገድ ማሰብ ይኖርብናል። ያለው ምርጫ ጎንን በረጅሙ መቅደድ ብቻ ሲሆን፣ ትንሽ ጠጠር ያለበት ሰው መታገስንና መጠበቅን ሊመርጥ ይችላል፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው የሚደርሰው የባሰበት ነው። ጠባብ ቀዳዳ የሚበቃበት ዘመን ሲመጣ ትንሹን ጠጠርም ማውጣት ያዋጣል። በዚህ አተያይ የታማሚውን ዓይነት የለወጠው የአንድ ሐኪም የዕለት ምርጫ ሳይሆን የአዲሱ ዘዴ መምጣት ራሱ ነው።

ዓመት ደግሞ ብቻውን አይለወጥም። ከእሱ ጋር የምርመራ መሣሪያ ይሻሻላል፤ መሣሪያው በተሻለ ቁጥር ቀድሞ የማይታይ የነበረ ትንሽ ቅሪት ይታያል፤ በ1974 «ንጹሕ ነው» የተባለ ኩላሊት በ1984 መሣሪያ ቢታይ «ቅሪት አለበት» ሊባል ይችል ነበር። ይህ የኋለኞቹን፣ ማለትም የቀዳዳ ዘዴዎቹን ውጤት በወረቀት ላይ ዝቅ ያደርገዋል። የቀዳዳ ዘዴውን የሚሠሩት እጆችም ገና እየተማሩ ነበር፤ ክፍቱን የሚሠሩት ግን የቆየ ልምድ ነበራቸው። በሌላ በኩል የማደንዘዣውና የታማሚ እንክብካቤው በአጠቃላይ በእነዚያ ዓመታት ተሻሽሎ ከሆነ ተጠቃሚው ኋላ የመጣው ዘዴ ነው። እነዚህ ግፊቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ የትኛው እንደሚያይል ከሠንጠረዡ ማወቅ አይቻልም።

በጠጠር መጠን የከፈልነውን ያህል በዓመትም ብንከፍለው አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ስሌቱ የሚያቆመው። መጠንን መክፈል የቻልነው በእያንዳንዱ መጠን ውስጥ በሁለቱም ዘዴ የታከሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው፤ 87 ለ270፣ 263 ለ80። በዓመት ብንከፍል ግን ከ1980 በፊት ያሉት ሣጥኖች በቀዳዳ ዘዴው ወገን ባዶ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ደግሞ በክፍቱ ወገን። ባዶ ሣጥን ላይ የሚሰላ መቶኛ የለም። ዘዴውና ዘመኑ እንደ አንድ ገመድ ተገምደዋል፤ መዝገቡን የቱንም ያህል ብንከፋፍለው የሚፈታቸው የለም። እነሱን ለመፍታት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የሚመረመሩ፣ በዕጣ ወደ ሁለቱ ዘዴዎች የተመደቡ ሌሎች ታማሚዎች ያስፈልጉ ነበር፤ ከእነዚህ 700 ሰዎች መካከል እንዲህ የተመደበ አልነበረም።